ዲላ ላይ ሙያ ሲመረጥ፦ ዓመቱን ሙሉ የሚያሠራው የቱ ነው?

በጌዴኦ ዞን የቡና ገንዘብ በዋናነት የሚንቀሳቀሰው ከጥቅምት እስከ ጥር ባለው ጊዜ ነው። ስለዚህ ሙያ ለመማር የሚያስብ ወጣት «በወር ስንት ይከፍላል?» ከማለቱ በፊት «በዓመት ስንት ወር ያሠራል?» ብሎ መጠየቅ አለበት።

ሁለት ሙያዎችን እናነጻጽር። አንዱ ቡና ቅምሻ ነው፤ ሌላው የኤሌክትሪክ መስመር ዝርጋታና የሞተር ጥገና። የምጠቀምባቸው ቁጥሮች ለስሌት የተወሰዱ ግምቶች ናቸው፤ አንባቢው በራሱ አካባቢ ዋጋ ይተካቸው።

ወጣቱ ያለ ሙያ በቀን ሥራ በወር 4,000 ብር ያገኛል እንበል። ቅምሻ ለመማር አንድ ወርና 40,000 ብር ይፈልጋል፤ በዚያ ወር የሚቀርበትን ገቢ ስንጨምር ወጪው 44,000 ይሆናል። ከዚያ በኋላ በየዓመቱ አራት ወር በ15,000 ብር ይቀጠራል፤ በቀሩት ስምንት ወራት ወደ ቀን ሥራው ይመለሳል። የዓመት ገቢው ከ48,000 ወደ 92,000 ብር ያድጋል።

የኤሌክትሪኩ ሥልጠና ዓመት ይፈጃል። ክፍያው 10,000 ብር ብቻ ቢሆንም የዓመቱ የቀን ሥራ ገቢ ስለሚቀር እውነተኛ ወጪው 58,000 ነው። ብዙ ሰው የሚረሳው ይህንን የቀረ ገቢ ነው። ሲጨርስ በወር 10,000 ብር ብቻ ቢያገኝም አሥራ አንድ ወር ስለሚሠራ በዓመት 110,000 ያገኛል።

ሁለቱም ወጪያቸው ተቀንሶ እስከ አራተኛው ዓመት መጨረሻ ቀማሹ ይመራል። በአምስተኛው ዓመት የኤሌክትሪክ ባለሙያው ያልፈዋል፤ በአሥረኛው ልዩነቱ ከ100,000 ብር በላይ ይደርሳል። ቤተሰቡ አንድ ዓመት ገቢውን መጠበቅ ለማይችል ወጣት ግን ቅምሻው የተሻለ ሊሆን ይችላል፤ ይህን ምርጫ ስህተት አልለውም።

ፍላጎቱን ደግሞ ሄዶ ማየት ይቻላል። ቀማሽ የሚቀጥሩት ላኪዎች፣ ዩኒየኖችና የቡና ጥራት ምርመራ ላቦራቶሪዎች ናቸው፤ ቦታዎቹ ጥቂት ስለሆኑ ሠልጣኝ ሲበዛ ቶሎ ይሞላሉ። በአንጻሩ እሸት ቡና በተለቀመበት ቀን ካልተፈለፈለ ጥራቱ ይወርዳል። የመፈልፈያው ሞተር ከተቃጠለ ባለቤቱ ነገ ድረስ መጠበቅ አይችልም። ወቅቱ ሲያልፍም የወፍጮ ቤት፣ የውኃ ፓምፕና የአዳዲስ ቤቶች ሥራ አለ።

ስለዚህ ከመመዝገብ በፊት ይርጋጨፌና ወናጎ ወዳሉ መፈልፈያዎች መሄድና «ባለፈው ሞተር ሲበላሽ ማንን ጠራችሁ? ስንት ቀን ጠበቃችሁ?» ብሎ መጠየቅ ይጠቅማል። ጠጋኙ ከሩቅ ከተማ ከመጣ ቦታው ክፍት ነው፤ በሰዓታት ውስጥ ከሰፈር ከደረሰ ግን ገበያው ተይዟል። ቀጥሎ ሙያውን ተምረው የወጡትን በሰኔ ወይም በሐምሌ ማግኘት ነው። በቡና ወቅት ሁሉም ሥራ አለው፤ በክረምት ምን እየሠሩ እንደሆነ ግን ሙያው ዓመቱን ሙሉ ማሠራቱን ያሳያል። በመጨረሻ ማሠልጠኛው ለብቃት ምዘና ያስቀምጥ እንደሆነ ይጣራ፤ ብዙ መሥሪያ ቤቶች ሲቀጥሩ የምዘናውን ወረቀት ይጠይቃሉ።