ያውቁ ኖሯል? የሰርቨር ክፍል እሳት ማጥፊያ ጋዝ በአዲስ አበባ ከፍታ

ኤችኤፍሲ-227ኢኤ የተባለው ጋዝ የሰርቨር ክፍል እሳትን ውሃም ዱቄትም ሳይረጭ ያጠፋል፤ ለዚህም ብዙውን ጊዜ ከክፍሉ አየር 7 በመቶ ያህሉን መያዙ ይበቃዋል። ሰው በክፍሉ ሊገኝ ስለሚችል ግን ወሰን አለው። እስከ 9 በመቶ ድረስ በሙከራ ጉዳት አልታየም፤ በ10.5 በመቶ ላይ የልብ ምት መዛባት ታይቷል።

ይህን ወሰን ከፍታ ይነካዋል፤ በአዲስ አበባ የሚገኘው ጦር ኃይሎች ሰፈር ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ነው። በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠረፍ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ስለሆነ፣ ያው ጋዝ ይበልጥ ይስፋፋል። 100 ሜትር ኩብ ይዘት ያለው ክፍል በባሕር ጠረፍ 55 ኪሎ ግራም ገደማ ሲፈልግ፣ እዚህ 41 ይበቃዋል። ስሌቱ ሳይስተካከል 55ቱ ከተለቀቀ የ9 በመቶው ወሰን ይታለፋል። ይህ ከጠርሙሱ መለያ ላይ የማይነበብ፣ በስሌት ብቻ የሚታወቅ አደጋ ነው።

መጠኑ ትክክል ቢሆንም እንኳ ጋዙ ነበልባል ሲነካ ሳንባን የሚጎዳ ሃይድሮጅን ፍሎራይድ ይፈጠራል። ጋዙ በ10 ሰከንድ ውስጥ ተለቅቆ ስለሚያበቃ፣ ደወሉና ብልጭታው ቀድመው፣ ብዙ ጊዜ በ30 ሰከንድ፣ ያስጠነቅቃሉ። በዚያ ጊዜ በክፍሉ ውስጥ ያለው ሰው ወጥቶ በሩን ይዘጋል፤ በሩ ክፍት ከቀረ ጋዙ ሾልኮ እሳቱ ሊያገረሽ ይችላል።