ከኋላ የገጨ ሁሉ ጥፋተኛ ነው?

ከኋላ የገጨ አሽከርካሪ አብዛኛውን ጊዜ ጥፋተኛ ይባላል፤ ርቀት ጠብቆ መንዳት የእሱ ግዴታ ነውና። «ድንገት ፍሬን ያዘብኝ» ማለት ብቻውን አያድነውም።

ረድፍ መቀየር ሲጨመርበት ግን ነገሩ ይወሳሰባል። ሚኒባስ ከቀኝ ረድፍ ያለ ፍሬቻ ገብቶ ወዲያው ቆመ፣ ከኋላ የመጣው አውቶሞቢልም ገጨው እንበል። የተጎዱት የሚኒባሱ የኋላ ግራ ጥግና የአውቶሞቢሉ የፊት ቀኝ ጥግ ከሆኑ፣ ሚኒባሱ ገብቶ ሳይጨርስ መመታቱን ይጠቁማሉ፤ ጥፋቱም ወደ እሱ ያዘነብላል። ጉዳቱ መሃል ለመሃል ከሆነ ግን የሚኒባሱ ክርክር ይጠነክራል። መኪኖቹ ከመነሳታቸው በፊት ፎቶ ማንሳት የሚጠቅመው ለዚህ ነው።

ወደ ኋላ የሚነዳም መንገዱን የማረጋገጥ ኃላፊነት አለበት። አስቸጋሪው ዳገት ላይ የፊተኛው ተንሸራቶ ሲገጭ ነው፤ ጉዳቱ ከኋላ የተገጨ ስለሚመስል የዓይን ምስክር ወይም የካሜራ ምስል ወሳኝ ይሆናል።