ሦስት ቀጠሮ፣ ሦስት አጀንዳ፣ 45 ደቂቃ፦ የስብሰባ ጥያቄ ደብዳቤ አጻጻፍ

ከገጠር ቀበሌ ወደ ወረዳ፣ ከወረዳ ወደ ዞን ጉዳይ ይዘው የሚሄዱ ኮሚቴዎች የሚጽፉት ደብዳቤ አብዛኛውን ጊዜ አጨራረሱ አንድ ነው። ችግሩ በሰፊው ይዘረዘርና «ስለሆነም በሚመችዎት ጊዜ እንዲያነጋግሩን በትሕትና እንጠይቃለን» ተብሎ ይፈረማል። አነጋገሩ ትሑት ነው፤ ነገር ግን ሥራውን ሁሉ የሚጭነው በተቀባዩ ላይ ነው። ኃላፊው መቼ እንደሚመቸው ማሰብ፣ ምን ያህል ጊዜ እንደሚወስድ መገመት፣ ማን አብሮት መቀመጥ እንዳለበት መለየት አለበት። ይህን ሁሉ ለማሰብ ደብዳቤውን ወደ ጎን ያደርገዋል፤ ወደ ጎን የተደረገ ደብዳቤ ደግሞ ባለጉዳዩ ራሱ መጥቶ እስኪያስታውስ ድረስ እዚያው ይቆያል።

ቀጠሮ ይዞ የሚመጣ ደብዳቤ ግን ሌላ ነው። ለምን እንደሚሠራ ለመረዳት የደብዳቤውን መንገድ መከተል ይበቃል። መዝገብ ቤት ይገባል፤ የገቢ ቁጥር ይሰጠዋል፤ ከዚያ ለኃላፊው ይቀርባል። ኃላፊው አንብቦ በኅዳጉ ላይ አጭር መመሪያ ይጽፍና ለሚመለከተው ክፍል ይመራዋል። በደብዳቤው ላይ ሦስት ቀንና ሰዓት ከተቀመጠ ኅዳጉ ላይ የሚጻፈው «ሐሙስ ይሁን፤ ባለሙያው ይገኝ» የሚል ብቻ ሊሆን ይችላል። ባለጉዳዩ የጠየቀው ውሳኔ እዚያው እስክሪብቶው ሳይነሳ አለቀ ማለት ነው።

ምሳሌ ይዘን እንሂድ። ከዳባት ከተማ የሁለት ሰዓት የእግር መንገድ ባለው አንድ ቀበሌ ውስጥ የእጅ ፓምፕ ተበላሽቷል እንበል። የውሃ ኮሚቴው ከወረዳው የውሃ ጽሕፈት ቤት ጋር መቀመጥ ይፈልጋል። ደብዳቤው እንዲህ ሊጻፍ ይችላል፦

ቀን፦ ኅዳር 8 ቀን 2018 ዓ.ም.
ለወረዳው የውሃ ጽሕፈት ቤት
ዳባት

ጉዳዩ፦ ስለ እጅ ፓምፕ ጥገና የ45 ደቂቃ ስብሰባ ስለመጠየቅ

በቀበሌያችን የሚገኘው የእጅ ፓምፕ ከጥቅምት 20 ጀምሮ ውሃ አይሰጥም። እጀታው እንደ ድሮው ይሠራል፤ ነገር ግን ብዙ ጊዜ ቢመታም ውሃ አይወጣም። ስለዚህ በሚከተሉት አጀንዳዎች ላይ ለመወሰን ስብሰባ እንጠይቃለን።

1. የብልሽቱን ምክንያት መለየት (10 ደቂቃ)
2. መለዋወጫውን ኮሚቴው ወይስ ጽሕፈት ቤቱ እንደሚገዛ መወሰን (20 ደቂቃ)
3. ጥገናው የሚጀመርበትን ቀንና ሥራውን የሚመራውን ሰው መመደብ (10 ደቂቃ)
የተወሰነውን በቃለ ጉባኤ አንብቦ መፈረም (5 ደቂቃ)

አማራጭ ቀጠሮዎች፦
ሀ) ማክሰኞ ኅዳር 16፣ ከረፋዱ 4:00 እስከ 4:45
ለ) ሐሙስ ኅዳር 18፣ ከቀኑ 8:00 እስከ 8:45
ሐ) ማክሰኞ ኅዳር 23፣ ከረፋዱ 4:00 እስከ 4:45

ከኮሚቴው ሰብሳቢው፣ ገንዘብ ያዡና የፓምፑ ጠባቂ ይገኛሉ። ከጽሕፈት ቤቱ በኩል የጥገና ባለሙያውና በጀት ላይ መፈረም የሚችል ኃላፊ እንዲገኙልን እንጠይቃለን። ከሦስቱ የተመረጠውን እስከ ሐሙስ ኅዳር 11 በሰብሳቢው ስልክ እንዲያሳውቁን በአክብሮት እንጠይቃለን።

ከሰላምታ ጋር
(ስም፣ ፊርማ፣ ማኅተም፣ ስልክ)

በዚህ ደብዳቤ ውስጥ ብዙ ሐሳብ የፈሰሰው ቀኖቹ ላይ ነው። የመንግሥት መሥሪያ ቤት መደበኛ ሰዓት ከሰኞ እስከ ሐሙስ ጠዋት ከ2:30 እስከ 6:30፣ ከሰዓት ከ7:30 እስከ 11:30 ነው። ዓርብ ለጁምዓ ሶላት ሲባል የጠዋቱ ሥራ 5:30 ላይ ይቆማል። ሰኞ ጠዋት በብዙ ጽሕፈት ቤቶች ኃላፊዎች እርስ በርሳቸው የሚሰበሰቡበት ሰዓት ነው። ስለዚህ ሰኞ ጠዋትና ዓርብ እኩለ ቀን አካባቢ ያሉት ሰዓቶች ከወዲሁ ወጡ። ከኮሚቴው በኩል ደግሞ የሁለት ሰዓት መንገድ አለ። 2:30 ላይ ቢቀጠሩ ከ12:30 በፊት ቤታቸውን መልቀቅ አለባቸው፤ በደጋው የኅዳር ብርድና ጨለማ ይህ ከባድ ነው። 10:30 ላይ ቢቀጠሩ ደግሞ ሲመለሱ ይመሽባቸዋል። ረፋድ 4:00 እና ቀን 8:00 ሁለቱንም ወገን የሚያገናኙት ለዚህ ነው።

ሦስተኛው ቀን፣ ኅዳር 23፣ የተለየ ስሌት አለው። ኅዳር በደጋው ሰብል የሚሰበሰብበት ጊዜ ነውና ገበሬን ከአጨዳ አውጥቶ ከተማ ማዋል ዋጋ ያስከፍላል። በወሩ 23ኛ ቀን ግን ጊዮርጊስ ነው። በዓሉን በሚያከብር አካባቢ ማጭድ ያርፋል፤ የወረዳው ቢሮ ግን በመደበኛ ሰዓቱ ይሠራል። ገበሬው የሥራ ቀን ሳይከስር የሚቀርብበት፣ ኃላፊውም በቢሮው የሚገኝበት ቀን ነው። በተቃራኒው ኅዳር 12 ቀን ሚካኤል ዓመታዊ በዓሉ ነው፤ በ2018 ዓ.ም. ዓርብ ላይም ውሏል። የሚካኤል ቤተ ክርስቲያን ባለበት ቀበሌ የኮሚቴው አባላት ከንግሡ ተነጥለው ከተማ ይወጣሉ ብሎ ማሰብ ዘበት ነው። ጎንደር ከተማ ለሚቀጥርም እንዲሁ፦ ከጥር 10 የከተራ ዕለት እስከ ጥር 12 ቃና ዘገሊላ ያሉትን ቀኖች አማራጭ ብሎ መጻፍ አንድም ቀን እንዳላቀረቡ ይቆጠራል።

አማራጮቹ ሦስት መሆናቸውም በምክንያት ነው። አንድ ቀን ብቻ ከሆነ ትእዛዝ ይመስላል፤ ኃላፊው ካልተመቸው ጉዳዩ ከሥሩ ይጀመራል። ስድስት ሰባት ቀን ከሆነ ደግሞ «በሚመችዎት ጊዜ» ከማለት አይለይም፤ ላኪውም ያን ሁሉ ቀን ሥራ ፈትቶ መጠበቅ አለበት። ሦስቱ በሁለት የተለያዩ ሳምንታት፣ ረፋድም ከሰዓትም ሆነው ሲቀርቡ አንዱ መግጠሙ አይቀርም።

አጀንዳው ላይ የሚታየው ዋና ነገር ግሶቹ ናቸው፦ መለየት፣ መወሰን፣ መመደብ። «ስለ ፓምፑ መወያየት» ተብሎ ቢጻፍ ሰዎቹ ተወያይተው ሊለያዩ ይችላሉ። «ማን እንደሚገዛ መወሰን» ሲባል ግን ስብሰባው ያለቀው ያ ሰው ሲታወቅ ብቻ ነው። እንዲህ ተጽፎ የወጣ አጀንዳ ማን መገኘት እንዳለበትም ይናገራል። የመጀመሪያው ነጥብ የጥገና ባለሙያ ይፈልጋል፤ ሁለተኛው በጀት ላይ መፈረም የሚችል ሰውና የኮሚቴውን ገንዘብ ያዥ ይፈልጋል። እነዚህ ካልተጠሩ ሦስቱ ሰዎች የሁለት ሰዓት መንገድ ሄደው «ለሚመለከተው እናሳውቃለን» የሚል መልስ ይዘው ይመለሳሉ።

45 ደቂቃ የተባለውም በግምት አይደለም። የየነጥቡ ደቂቃ ተደምሮ የመጣ ነው። ሁለተኛው ነጥብ 20 ደቂቃ የተሰጠው ገንዘብ ስለሚነካ ነው። የመጀመሪያው በ10 ደቂቃ የሚያልቀው ደግሞ ኮሚቴው ምልክቱን አስቀድሞ ስለጻፈ ነው። በአገራችን ገጠር በሰፊው የተተከለው አፍሪዴቭ የተባለው ፓምፕ እጀታው እየሠራ ውሃ ካልሰጠ ባለሙያው መጀመሪያ የሚጠረጥረው ያለቀ የጎማ ሲል ነው፤ እጀታው ድንገት ቅልል ካለ ደግሞ ውስጥ ያለው ዘንግ ተቆርጦ ወይም ተላቆ ሊሆን ይችላል። ሁለቱ የሚጠይቁት መለዋወጫና የሰው ኃይል አንድ አይደለም። አንድ ዓረፍተ ነገር ምልክት መጻፍ ባለሙያው አስቦበት እንዲመጣ ያደርገዋል።

የቀጠሮው ሌላኛው ወገን ውጭ አገር ሲሆን አንድ ተጨማሪ ነገር ይመጣል፤ እሱም የሰዓት አቆጣጠር ነው። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ መምህር ለውጭ ባልደረባው፣ ወይም የአንድ ትምህርት ቤት ኮሚቴ ዋሽንግተን ለሚኖሩ የቀድሞ ተማሪዎች «10:00» ብሎ ብቻ ቢጽፍ በሁለት መንገድ ይነበባል። በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ አሥር ሰዓት ነው፤ በእነሱ ግን ረፋድ አራት ሰዓት። ልዩነቱ ስድስት ሰዓት ነውና አንዱ ወገን ስልክ ይዞ ሲጠብቅ ሌላው ገና ሥራ ላይ ነው። በዚህ ላይ አሜሪካኖች በዓመት ሁለት ጊዜ ሰዓታቸውን ይቀይራሉ። በበጋቸው ከዋሽንግተን የምንቀድመው በሰባት ሰዓት ነው፤ በ2018 ዓ.ም. ጥቅምት 23 ቀን ሰዓታቸውን ወደ ኋላ ሲመልሱ ልዩነቱ ስምንት ሆነ። ስለዚህ ኅዳር 18 ከምሽቱ 12:00 ላይ የሚደረግ ስብሰባ እንዲህ ይጻፋል፦ «ሐሙስ ኅዳር 18 ቀን 2018 ዓ.ም.፣ በጎንደር ከምሽቱ 12:00 (በውጭ አቆጣጠር 18:00)፤ በዋሽንግተን ኖቬምበር 27 ቀን 2025፣ ጠዋት 10:00»። ይህን አስተካክሎ የጻፈ ሰው ሌላም ነገር ያያል፦ ያ ሐሙስ አሜሪካኖች የምስጋና ቀን የሚያከብሩበት ነው። ለዳባት የሠራው ቀን ለዋሽንግተን ላይሠራ ይችላልና አማራጭ ቀን ሲመረጥ የሁለቱንም አገር በዓል ማየት ያስፈልጋል።

ደብዳቤው ከተጻፈ በኋላ የሚበላሸው ሁለት ቦታ ላይ ነው። አንደኛው መዝገብ ቤት ነው። ለጥበቃ ወይም ለሚያውቁት ሠራተኛ ተሰጥቶ የገቢ ቁጥር ያላገኘ ደብዳቤ ቢጠፋ የሚጠየቅ ሰው የለም። ስለዚህ በሁለት ቅጂ ይዞ መሄድ፣ አንደኛው ላይ የገቢ ቁጥርና ቀን አስጽፎ መመለስ ይገባል። ሁለተኛው የመልስ ቀኑ ነው። ኅዳር 11 መልስ ካልመጣ በማግስቱ መደወልና የገቢ ቁጥሩን ጠቅሶ «ከሦስቱ የትኛው ተመረጠ?» ብሎ መጠየቅ ነው። እንዲህ ያለ ጥያቄ «ጉዳያችን ከምን ደረሰ?» ከሚለው ይልቅ ቶሎ መልስ ያገኛል፤ መልሱ አንድ ቃል ነውና።

ደብዳቤ የምትጽፉ የኮሚቴ ሰብሳቢዎችና ጸሐፊዎች፣ ልትገኙበት የማትችሉትን ቀን ለማሟያ ብላችሁ አትጻፉ፤ ኃላፊው የሚመርጠው እሱን ሊሆን ይችላል። አንዱ ቀን ከተመረጠም በኋላ የቀሩት ሁለቱ እንደተሰረዙ በስልክ አረጋግጡ፤ ያኔ ሁለቱም ወገን በአንድ ቀን፣ በአንድ ሰዓት ይገናኛል።