«ደረሰኙ የት አለ?» ሳይሉ ደረሰኝ መጠየቅ

የሒሳብ ክፍል ሰው ሲደውል ስልኩን ደስ ብሎት የሚያነሳ ሠራተኛ ጥቂት ነው። «ስለ ሒሳቡ ነበር» የሚለው ቃል ብቻውን አንዲት ሳንቲም ያልነካውን ሰው እንኳ ያስደነግጠዋል። የተጠየቀው ወረቀት ነው፤ እሱ ግን የሚሰማው ስለ ገንዘብና ስለ ስሙ የተጠየቀ ያህል ነው። ስለዚህ ጠያቂዎች ሁለት ነገር ያደርጋሉ፤ ወይ በቁጣ ይጠይቃሉ፣ ወይ ነገሩን በይቅርታና በዙሪያ ጥምጥም ሸፍነው ምን እንደፈለጉ ሳይታወቅ ይቀራል። ሁለቱም የሚፈለገውን ወረቀት አያመጡም።

አንድ ጉዳይ ይዘን እንየው። ቁጥሮቹ ለማሳያ የተቀመጡ ናቸው፤ ነገሩ ግን የቅድሚያ ክፍያ ወስዶ ያወራረደ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ነው። አንድ የፕሮጀክት አስተባባሪ ደብረ ብርሃን ላይ ለ25 ሰዎች የሦስት ቀን ሥልጠና ለመስጠት 60,000 ብር ወሰዱ። ተመልሰው የማወራረጃ ቅጹን ሞሉ፦ ለአዳራሽና ለሻይ ቡና ከነተጨማሪ እሴት ታክሱ 27,600፣ ለሠልጣኞች አበል በቀን 300 ሒሳብ 22,500፣ ለነዳጅ 3,500፣ ለገንዘብ ያዥ ተመላሽ የተደረገ 6,400። ድምሩ ልክ 60,000 ይመጣል። ቅጹን የተቀበለችው ወጣት የሒሳብ ሠራተኛ ግን ከሥር የተያያዙትን ወረቀቶች ስታገላብጥ ሦስት ነገር አጣች። የ6,400 ብሩ የገቢ ደረሰኝ የለም። የነዳጁ ደረሰኝ የለም። በሁለተኛው ቀን የአቴንዳንስ ወረቀት ላይ ደግሞ ተራ ቁጥር 11 እና 19 ፊርማ የላቸውም፤ በአበል መክፈያው ላይ ግን ሁለቱም የሦስት ቀን አበል ወስደው ፈርመዋል።

መጀመሪያ እጇ ላይ የመጣው መልእክት ይህ ነበር፦ «የደብረ ብርሃኑ ሒሳብ አልተሟላም። ለምን ደረሰኝ ሳያያይዙ አቀረቡ? በአስቸኳይ ይስተካከል።» ይህን የሚያነብ ሰው ምን ያደርጋል? ምን እንደጎደለ አልተነገረውም። የተነገረው ጥፋተኛ መሆኑ ነው። «ለምን» የሚል ጥያቄ ደግሞ የሚጠራው ምክንያትን ነው፤ ምክንያት የሚሰጥ ሰው ራሱን ይከላከላል እንጂ ወረቀት አይፈልግም። መልሱም የታወቀ ነው፦ «እኔ ሁሉንም አስረክቤያለሁ፤ እዚያው ፈልጉት።» ከዚያ በኋላ ወረቀቱን መፈለግ ቀርቶ ማን ጠፋው እንደተባለ መከራከር ይሆናል።

ደግ ሰው የሚጽፈው ሁለተኛው ዓይነት መልእክት ይበልጥ ይጎዳል ብል አላጋነንኩም። «ጋሼ፣ ስለ ደብረ ብርሃኑ ሒሳብ ትንሽ ላናግርዎት ፈልጌ ነበር፤ ሲመችዎ ብቅ ቢሉ።» ቃናው ለስላሳ ነው። ተቀባዩ ግን እስኪገናኙ ድረስ ሙሉውን 60,000 ብር በሐሳቡ ሲያወርድና ሲያወጣ ይውላል። ጥያቄው ወሰን ስላልተበጀለት ጥርጣሬውም ወሰን የለውም። ሰውን የሚከሰው አብዛኛውን ጊዜ የቃሉ ጥንካሬ ሳይሆን የጥያቄው ስፋት ነው። «ከሰባት ሰነዶች አንዱን አላገኘሁትም» የተባለ ሰው ስድስቱ ደህና መሆናቸውን አብሮ ይሰማል።

ስለዚህ ዋናው ሥራ ያለው ከጥያቄው በፊት ነው። ልጅቷ መልእክቱን ሳትልክ ተነሥታ ገንዘብ ያዡ ዘንድ ሄደች። የ6,400 ብሩ ገቢ ደረሰኝ ቅጂ እዚያው ጥራዝ ውስጥ ተገኘ፤ ለአስተባባሪው የተሰጠው ቅጂ ብቻ ነው ያልተያያዘው። አንዱ ጥያቄ በዚሁ ወደቀ። ብትልከው ኖሮ አስተባባሪው ያስረከቡትን ገንዘብ «አስረክበዋል ወይ?» ተብለው ሊጠየቁ ነበር፤ በመሥሪያ ቤት ውስጥ ይህን የመሰለ ስድብ የለም። የተያያዙ ወረቀቶችን ጀርባ ማየት፣ በስቴፕለር አብሮ የተመታ ሌላ ወረቀት እንዳለ መፈተሽ፣ ጎረቤት ጠረጴዛን መጠየቅ አሥር ደቂቃ ይፈጃል። ይህ ሳይሆን የተላከ ጥያቄ መልሱ ከራስ መሳቢያ ሲወጣ፣ የሚቀጥለውን ጥያቄ ማንም አያምነውም።

የላከችው መልእክት በመጨረሻ እንዲህ ሆነ፦

«ጋሼ፣ እንደምን ዋሉ? የደብረ ብርሃኑን ሒሳብ እያወራረድኩ ነው። የአዳራሹ፣ የአበሉና የተመላሹ ሰነድ ደርሶኛል። ሁለት ነገር ቀረኝ። አንደኛ፣ በቅጹ ላይ ነዳጅ 3,500 ብር አለ፤ ደረሰኙን ከሰነዶቹ መካከል አላገኘሁትም። ክፍያው በማን ስልክ ነበር የተፈጸመው? ሁለተኛ፣ በሁለተኛው ቀን አቴንዳንስ ተራ ቁጥር 11 እና 19 የፊርማው ቦታ ባዶ ነው፤ ፎቶውን ልኬልዎታለሁ። ሁለቱ ሰዎች በዚያ ቀን ተገኝተው ነበር ወይስ አልተገኙም? ዓርብ የወሩን ሒሳብ ስለምዘጋ እስከ ሐሙስ ቀትር ቢያሳውቁኝ። ደረሰኙ ከሌለም ይንገሩኝ፤ ምን እንደምናደርግ አብረን እናያለን።»

መልእክቱ ረዘም ይላል፤ ግን እያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር ሥራ አለው። የደረሰው በቅድሚያ ተጠርቷል። «አላያያዙም» በማለት ፈንታ «አላገኘሁትም» ተብሏል። ይህ ለትሕትና ብቻ የተደረገ አይደለም፤ እውነቱም ይኸው ነው። ልጅቷ የምታውቀው አለማግኘቷን ነው፤ አስተባባሪው አያይዘውት በመንገድ ወድቆ እንደሆነ አታውቅም። በአማርኛ ግሡ ራሱ አድራጊውን ይጠቁማል፤ «አላመጣህም» ስንል ጣታችንን ቀስረናል፤ «አልደረሰኝም» ስንል ግን የተናገርነው ስለ ራሳችን ነው።

የነዳጁ ጥያቄም «ደረሰኙ የት አለ?» አላለም። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ነዳጅ የሚከፈለው በቴሌብርና በመሰል የዲጂታል መንገድ ስለሆነ፣ ማስረጃው ብዙ ጊዜ የሚገኘው ከፋዩ ስልክ ላይ ነው፤ ከፋዩ ደግሞ ሹፌሩ ሊሆን ይችላል። «በማን ስልክ?» የሚለው ጥያቄ ሰውየውን ስለ ራሳቸው መልካምነት እንዲያስረዱ አያስገድዳቸውም። አንድ ስም እንዲያስታውሱ ብቻ ይጠይቃቸዋል። ሥራውን የሚያውቅ ሰው ጥያቄ ከማያውቀው የሚለየው እዚህ ላይ ነው፤ ወረቀቱ በየት በኩል እንደሚያልፍ ስለሚያውቅ የጠፋበትን ቦታ ይጠይቃል።

የፊርማው ነገር ግን ከሁሉም ይከብዳል፤ ሁለት ቀን አበል፣ 600 ብር አለበት። እዚህ ላይ ጨዋነት ራሱ ወጥመድ ይሆናል። «ረስተው ነው አይደል ያልፈረሙት?» ብላ ብትጠይቅ ኖሮ ደግ ትመስላለች፤ ግን መልሱን ራሷ ሰጥታለች። የተጠየቀው ሰው ማድረግ ያለበት «አዎ» ማለት ብቻ ነው። ከዚህም የባሰው በየቢሮው የምንሰማው «ፊርማ አሟልተው ይላኩልኝ» የሚለው ነው። ይህ መረጃ መጠየቅ አይደለም፤ ባዶውን ቦታ እንዲሞሉ ማዘዝ ነው፤ ማን እንደሚሞላው ደግሞ አይታወቅም። «ተገኝተው ነበር ወይስ አልተገኙም?» የሚለው ጥያቄ ሁለቱንም በር እኩል ክፍት ይተዋል። ከሁለቱ አንዱም አሳፋሪ ስላልሆነ ትክክለኛውን መናገር ይቀላል።

አስተባባሪው ማታውኑ መለሱ። ነዳጁን የከፈለው ሹፌሩ ነው፤ የክፍያውን ማረጋገጫ ከነግብይት ቁጥሩ ከስልኩ ላይ ልኳል። ተራ ቁጥር 11 ቀኑን ሙሉ ነበረች፤ ጠዋት ዘግይታ ስለገባች ወረቀቱ አልፏታል። ተራ ቁጥር 19 ግን በዚያ ቀን ለቅሶ ሄዶ አልተገኘም፤ አበሉ ሲከፈል የሦስት ቀን የተሰጠው በስህተት ነው። እንግዲህ ሒሳቡ ተለወጠ፤ የ19ኙ ሰው 300 ብር ተመላሽ ይሆናል፣ አበሉ ወደ 22,200 ይወርዳል። 11ኛዋ ትፈርማለች፤ ግን ከፊርማዋ አጠገብ የምትጽፈው የፈረመችበትን የዛሬውን ቀን ነው፤ አሠልጣኙም መገኘቷን በጽሑፍ ያረጋግጣል። ወደ ኋላ ቀን ቆጥሮ መፈረም እውነተኛውን ነገር ሐሰተኛ ሰነድ ያደርገዋል። ደግ የመሰለው የ«ረስተው ነው አይደል» ጥያቄ ቢላክ ኖሮ ግን ይህ 300 ብር ተሸፍኖ ያልፍ ነበር።

ጥያቄው የሚላክበት መንገድም የራሱን ድምፅ ይዞ ይሄዳል። ይኸው መልእክት በመምሪያው የቴሌግራም ቡድን ላይ ቢለጠፍ፣ ቃላቱ አንድም ሳይለወጡ ክስ ይሆናሉ፤ ተመልካች አለባቸውና። ከደብዳቤ ግርጌ የሚጻፈው «ግልባጭ» ደግሞ ይበልጥ ይናገራል። ለአለቃ ግልባጭ የተደረገ የመጀመሪያ ጥያቄ፣ ጠያቂው መልስ ከማግኘቱ በፊት ምስክር እንደጠራ ያህል ነው። ግልባጭ ቦታ አለው፤ ቦታው ግን ሁለት ጊዜ ተጠይቆ፣ የተባለው ቀን አልፎ፣ መልስ ሲጠፋ ነው። ያን ጊዜም ቢሆን «እስካሁን ምላሽ አልሰጡም» ከማለት «ሰኞ የጠየቅኋቸው ሁለት ነጥቦች እስካሁን ክፍት ናቸው» ማለት ይበቃል።

አንድ ትንሽ ነገር በመንገዴ ላይ ላንሣ። በየቀኑ «አንተ» የሚባባሉ ባልደረቦች ወረቀት ሲጎድል በድንገት «እርስዎ» መባባል ይጀምራሉ። ጠያቂው አክብሮት የጨመረ ይመስለዋል፤ ተቀባዩ ግን የቀዘቀዘ ነገር ያሸታል። በተለመደው አጠራር መቀጠል ይሻላል።

ይህ ሁሉ የሚሠራው ግን እውነትም መረጃ ሲጎድል ነው። ደረሰኙ ላይ ቁጥሩ ተፍቆ እንደገና የተጻፈ ከሆነ፣ ወይም አንድ የደረሰኝ ቁጥር በሁለት ሒሳብ ላይ ከመጣ፣ የጎደለ መረጃ የለም፤ ያለው ጥርጣሬ ነው። ጥርጣሬን በለስላሳ ጥያቄ ጠቅልሎ፣ መልሱን እያወቁ «ጋሼ፣ ይህ ስንት ነበር?» ብሎ መጠየቅ ሰውን ማጥመድ ነው፤ ንጹሕ ቢሆን ያቆስለዋል፣ ጥፋተኛም ቢሆን እንዲዘጋጅ ጊዜ ይሰጠዋል። እንዲህ ያለ ወረቀት ሲገጥምዎ ለባልደረባዎ አይደውሉ። ዋናውን ሰነድ ምንም ሳይጽፉበት ለቅርብ ኃላፊዎ ወይም ለውስጥ ኦዲት ያስረክቡ።