እጅ ከራስ በላይ ሲወጣ አብሮ የሚዞረው አጥንት

በማሠለጥንበት ጂም ውስጥ በሂሳብ ሥራ የሚተዳደር አንድ የ34 ዓመት ሰው ነበር። 40 ኪሎ ባር ከትከሻው ላይ አንሥቶ ወደ ላይ ሲገፋ፣ ባሩ ግንባሩ አካባቢ ሲደርስ ቀኝ ትከሻውን ይወጋዋል። ግንባሩን ካለፈ በኋላ ሕመሙ ይጠፋል፤ ባሩን ሲመልስ እዚያው ቦታ ላይ እንደገና ይወጋዋል። ባዶውን ባር አስይዤ ከኋላው ቆምኩና መዳፌን ጀርባው ላይ፣ ጠፍጣፋው የትከሻ አጥንት ላይ አሳረፍኩ። እጁ ወደ ላይ ወጣ። አጥንቱ ግን እምብዛም አልተንቀሳቀሰም፤ ሰውየው ሆን ብሎ ይዞታል። ለምን እንደሚይዘው ስጠይቀው «ድሮ ያሠለጠነኝ ሰው ወደ ኋላና ወደ ታች ቆልፈህ ያዘው ብሎኛል» አለኝ።

ይህ ምክር አግዳሚ ላይ በጀርባ ተኝቶ ባር ለሚገፋ ሰው ጥሩ ነው። ቆሞ ከራሱ በላይ ለሚገፋ ሰው ግን ስህተት ነው። ለምን ስህተት እንደሆነ ለመረዳት እጃችን ከራሳችን በላይ እንዴት እንደሚወጣ ማየት ያስፈልጋል።

የክንድ አጥንት ጫፍ ክብ ኳስ ነው። ኳሱ የሚያርፍበት ጎድጓዳ ቦታ የሚገኘው ጠፍጣፋው የትከሻ አጥንት ጠርዝ ላይ ሲሆን፣ በጣም ትንሽና ጥልቀት የሌለው ነው። የሲኒ ማስቀመጫ ላይ ሎሚ ማስቀመጥ ያህል ነው ማለት ይቻላል። የዳሌ መገጣጠሚያ ኳሱን ዙሪያውን አቅፎ ይይዘዋል፤ የትከሻው እንዲህ አያደርግም። እጃችን ወደፈለግነው አቅጣጫ የሚዞረውም በዚሁ ምክንያት ነው። ኳሱን ቦታው ላይ የማቆየት ሥራ ስለዚህ ከአጥንት ይልቅ በጡንቻ ላይ ወድቋል።

ትከሻን ከውጭ የሚሸፍነው ትልቁ ጡንቻ ዴልቶይድ ይባላል። እጅን ወደ ላይ የሚያነሣው በዋናነት እሱ ነው፤ ሆኖም ብቻውን ቢሠራ ኖሮ እጅን በደንብ አያነሣም ነበር። ረጅም መሰላል መሬት ላይ ተኝቶ ሳለ ለማቆም የሞከረ ሰው ነገሩ ይገባዋል። አንዱ ሰው መሰላሉን ከመሃል እያነሣ ሲገፋ፣ ሌላው እግሩን ካልረገጠለት መሰላሉ ይንሸራተታል እንጂ አይቆምም። ዴልቶይድ ክንድን ሲስብ፣ በተለይ በመንገዱ የመጀመሪያ ክፍል፣ የኃይሉ ትልቅ ድርሻ ኳሱን ወደ ላይ የሚያንሸራትት ነው። የመሰላሉን እግር የሚረግጡት ሮቴተር ከፍ በመባል የሚታወቁት አራት ትናንሽ ጡንቻዎች ናቸው።

አራቱም ከጠፍጣፋው አጥንት ይነሡና ጅማታቸው ኳሱን እንደ እጅ መዳፍ ይይዘዋል። አንዱ ከላይ፣ አንዱ ከፊት፣ ሁለቱ ከኋላ ናቸው። ከፊትና ከኋላ ያሉት ኳሱን ወደ ጎድጓዳው ያስጠጉታል፣ ትንሽም ወደ ታች ይጎትቱታል፤ የዴልቶይድ የወደ ላይ ጉተታ በዚህ ይመጣጠናል። ኳሱ እዚያው ቦታው ላይ ይዞራል፣ ክንዱም ይነሣል።

ከኋላ ያሉት ሁለቱ ሌላም ሥራ አላቸው፤ ክንድን ወደ ውጭ ያዞራሉ። ይህን አሁን ተቀምጠው ሊሞክሩት ይችላሉ። አውራ ጣትዎን ወደ መሬት አዙረው እጅዎን በጎን በኩል ያንሡ። ከትከሻ ከፍታ ብዙም ሳያልፍ ይያዛል። እዚያው ላይ መዳፍዎ ወደ ላይ እስኪያይ ድረስ ክንድዎን ያዙሩት፣ መንገዱም ይከፈታል። የክንድ አጥንት ጫፍ ላይ ጉብታ አለ። ክንዱ ወደ ውጭ ሲዞር ጉብታው ከትከሻ ጣሪያ አጥንት ስር ወደ ኋላ ያልፋል፤ ካልዞረ ጣሪያው ላይ ይጋጫል።

ኳሱ የቱንም ያህል በትክክል ቢያዝ ግን ክንድ ብቻውን እላይ አይደርስም። እጅ ከጎን ተነሥቶ ቀጥ ብሎ ከራስ በላይ እስኪደርስ የሚጓዘው 180 ዲግሪ ያህል ነው። ከዚህ ውስጥ ክንዱ በኳሱ ላይ የሚዞረው ወደ 120 ዲግሪ ሲሆን፣ ቀሪውን 60 የሚሰጠው ጎድጓዳውን የተሸከመው ጠፍጣፋ አጥንት ነው፤ እሱ ራሱ ጀርባ ላይ ይዞራል። ኮድማን የተባለ የቦስተን ሐኪም በ1934 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ ይህን የሁለቱን አብሮ መሄድ ምት ብሎ ሰይሞታል። ሁለት እጅ ለአንድ እጅ የሚለውን ቁጥር ያስፋፉት ኢንማንና ሁለት ባልደረቦቹ በ1944 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት ነው። ቁጥሩ አማካይ ነው። ከሰው ሰው ይለያያል፣ በመንገዱም ላይ እኩል አይደለም፤ መጀመሪያ ላይ ክንዱ ብቻውን የሚሄድ ይመስላል፣ ጠፍጣፋው አጥንት የሚከተለው ትንሽ ቆይቶ ነው።

አጥንቱን የሚያዞሩት ሁለት ጡንቻዎች ናቸው ማለት ይቻላል። ትራፒዚየስ ከራስ ቅል ግርጌ ጀምሮ እስከ ጀርባ አጋማሽ የተዘረጋ ሰፊ ጡንቻ ነው። የላይኛው ክፍሉ የትከሻን ውጫዊ ጫፍ ወደ ላይ ይስባል፣ የታችኛው ክፍሉ ደግሞ ወደ አከርካሪ የሚቀርበውን ጠርዝ ወደ ታች። ሴራተስ የሚባለው ከጎን በኩል ከላይኞቹ የጎድን አጥንቶች ይነሣል፣ በጎድንና በጠፍጣፋው አጥንት መካከል ያልፋል፣ ከዚያም የአጥንቱን የታች ጫፍ ወደ ብብት ይስበዋል። ሹፌር መሪ ሲያዞር አንዱ እጁ ወደ ላይ፣ ሌላው ወደ ታች ይሄዳል፤ መሪው ግን ከቦታው ሳይነቃነቅ ይዞራል። እዚህም የሚሆነው እንደዚሁ ነው። የላይኛው ትራፒዚየስ ብቻውን ቢሠራ ትከሻው ወደ ጆሮ ይወጣል እንጂ አይዞርም።

ይህ መዞር ለሚገፋው ሰው ምን ይጠቅመዋል? ጎድጓዳው ወደ ላይ እንዲያይ ያደርጋል፤ ክብደቱ በጅማት ላይ መንጠልጠሉ ይቀርና አጥንት በአጥንት ላይ ይደገፋል። ከዚህም በላይ ዴልቶይድ የሚነሣው ከትከሻው ጣሪያ ነው። ጣሪያው አብሮ ካልዞረ ጡንቻው ክንዱ በወጣ መጠን እያጠረ ይሄዳል፣ ያጠረ ጡንቻ ደግሞ ኃይሉ ይቀንሳል። ጣሪያው ሲዞርለት ግን ርዝመቱን ጠብቆ እስከ ላይ ድረስ መሳብ ይችላል።

የዚያን ሰው ነገር እንግዲህ በዚህ እንመልከተው። ባሩ ግንባሩ ጋ ሲደርስ የላይኛው ክንዱ ከመሬት ጋር አግድም ለመሆን ይቀርባል። ክብደቱ ከመገጣጠሚያው በጣም የሚርቀው፣ ስለዚህም ትናንሾቹ ጡንቻዎች ኳሱን ለመያዝ እጅግ የሚደክሙት፣ እዚህ ነው። ጎድጓዳው አብሮ ቢዞር ኖሮ ይቀልላቸው ነበር፤ እሱ ግን ቆልፎ ይዞታል። ከ60 እስከ 120 ዲግሪ ባለው መሃል ብቻ የሚሰማ፣ ከዚያ በላይና በታች የሚጠፋ ሕመም ብዙ ጊዜ ከእነዚህ ጡንቻዎች ጅማት ጋር የተያያዘ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። ለረጅም ጊዜ የዚህ ሕመም መንሥኤ ጣሪያው አጥንት ጅማቱን መፋቁ ነው ይባል ነበር፤ አጥንቱን የሚሞርድ ቀዶ ሕክምናም በብዛት ይደረግ ነበር። በእንግሊዝ አገር ተካሂዶ በ2018 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ግን አጥንታቸው የተሞረደላቸውን ሰዎች፣ መሣሪያ ገብቶ ውስጡ ብቻ ከታየላቸው ጋር ሲያወዳድር የሚረባ ልዩነት አላገኘም። ስለዚህ ለአብዛኛው ሰው ጅማቱ ተሸክሞ የማያውቀውን ጭነት ቀስ በቀስ እንዲለምድ ማድረግ የተሻለ ጅማሬ ነው ብዬ አምናለሁ።

ከሰውየው ጋር ያደረግነው ነገር ብዙ አልነበረም። ከ40 ኪሎ ወደ ባዶው 20 ኪሎ ባር ወረድን። ክርኖቹን ከባሩ ትንሽ ቀደም አድርጎ እንዲጀምር፣ ባሩ ራሱን ካለፈ በኋላም ትከሻውን ወደ ጣሪያው እንዲያስከትል ነገርኩት። ያ የመጨረሻ ከፍታ ለብዙዎች ጥፋት ይመስላቸዋል፤ ለፕሬስ ግን ትክክለኛው ማብቂያ ነው። ለሴራተሱ ደግሞ ፑሽ አፕ ጨመርንለት። ክንዱ ከተዘረጋ በኋላ የላይኛው ጀርባው ትንሽ ወደ ላይ እስኪነሣ ድረስ መሬቱን አንድ ጊዜ ይበልጥ ይገፋል፤ ሥራው ያለው በዚያች ተጨማሪ ግፊት ላይ ነው። በየሳምንቱ 2 ኪሎ ተኩል እየጨመርን በሁለት ወር ገደማ 40 ኪሎ ላይ ተመለሰ። ያን ጊዜ መዳፌን ስጭንበት የአጥንቱ የታች ጫፍ ከእጄ ስር ወደ ብብቱ ሸሽቶ ሲሄድ ተሰማኝ።

አጥንቱ ሳይዞር ሲቀር ሰውነት የጎደለውን ዲግሪ ከወገብ ይበደራል። ከጎን ሲታይ የጎድን አጥንት ወደ ፊት ይወጣል፣ ወገብ ይታጠፋል። ፕሬስ የኦሎምፒክ ክብደት ማንሣት ውድድር አካል በነበረበት ጊዜ አትሌቶቹ ወደ ኋላ እየተለጠጡ ቆመው ሳይሆን የተኙ እስኪመስል ድረስ ይገፉ ነበር። ዳኞች ትክክለኛውን ከስህተቱ መለየት አስቸገራቸው፤ ከ1972ቱ የሙኒክ ኦሎምፒክ በኋላ ፕሬስ ከውድድሩ ወጣ። ቢሮ ውስጥ ጎብጦ ለሚውል ሰውም ችግሩ ይኸው ነው። ጎብጠው እጅዎን ያንሡ፣ ከዚያ ቀና ብለው ያንሡ፤ ልዩነቱ ወዲያው ይታያል።

በልምምድ የማይፈቱም አሉ። እጅ ሲነሣ ወይም ግድግዳ ሲገፋ የጠፍጣፋው አጥንት ጠርዝ እንደ ክንፍ ከጀርባ ተነሥቶ ከወጣ፣ ሴራተስን የሚያዘው ነርቭ ተጎድቶ ሊሆን ይችላል። ከወደቁ ወይም ከባድ ነገር ካነሡ በኋላ እጅ በድንገት አልነሣ ካለ፣ ወይም የትከሻ ሕመም ሌሊት ከእንቅልፍ የሚቀሰቅስ ከሆነ ባሩን አስቀምጠው ሐኪም ዘንድ ይሂዱ። የተቀደደ ጅማት በፑሽ አፕ አይሰፋም።