ከሪፖርት አንቀጽ ትርፍ ቃላትን መቀነስ፦ ምን ይወጣል፣ ምን ይቀራል?

የሥራ ሪፖርትን ማሳጠር ቃላትን የመቁጠር ጉዳይ ብቻ አይደለም። አንድ የሥራ አመራር ቦርድ ብድር ለመጠየቅ ወይም አቅራቢ ለመለወጥ የሚወስነው በሪፖርቱ ላይ ተመሥርቶ ነው። ስለሆነም በማሳጠር ሂደት ከወጡት ቃላት መካከል አንዱ ፍሬ ነገር ከሆነ፣ ውሳኔው በተሳሳተ መረጃ ላይ ይቆማል። ይህ ጽሑፍ ለማሳያ የተዘጋጀ አንድ አንቀጽ ወስዶ አካሄዱን ያስረዳል።

«የሽያጭ አፈጻጸምን በሚመለከት በተካሄደው የክትትልና የግምገማ ሥራ ለመረዳት እንደተቻለው፣ በሦስተኛው ሩብ ዓመት ውስጥ 4.2 ሚሊዮን ብር የሚያወጣ የሽያጭ ሥራ ለማከናወን ዕቅድ ተይዞ የነበረ ሲሆን፣ ገና ኦዲት ባልተደረገው ሒሳብ መሠረት በተጨባጭ የተከናወነው የሽያጭ መጠን 3.57 ሚሊዮን ብር በመሆኑ አፈጻጸሙ ከዕቅዱ አንጻር ሲታይ 85 በመቶ መሆኑ ታውቋል። ለአፈጻጸሙ ዝቅተኛ ሆኖ መገኘት እንደ ዋና ምክንያት ተደርጎ ሊወሰድ የሚችለው ከአቅራቢዎች በኩል በአማካይ የ18 ቀናት የጥሬ ዕቃ አቅርቦት መዘግየትና መጓተት ሁኔታ መከሰቱ ሲሆን፣ ይህንንም ችግር ለመቅረፍ ይቻል ዘንድ አስፈላጊው እርምጃ እየተወሰደ ይገኛል።»

የመጀመሪያው ተግባር መሰረዝ ሳይሆን መመዝገብ ነው። አራሚው አንቀጹ የያዛቸውን ፍሬ ነገሮች ለየብቻ ይጽፋል፦ ጊዜው፣ ዕቅዱ፣ ክንውኑና መቶኛው፣ የሒሳቡ ኦዲት አለመደረግ፣ የጉድለቱ ምክንያትና የእርግጠኝነቱ መጠን፣ የመዘግየቱ ርዝመትና ባለቤቱ፣ በመጨረሻም እርምጃ መጀመሩ። ከዚህ መዝገብ ውጭ የሆነው ሁሉ ለመቀነስ እጩ ነው።

በአማርኛ ሪፖርት ትርፉ በብዛት የሚከማቸው በሦስት ቦታዎች ነው። አንደኛው ግሡን ወደ ስም ለውጦ ሌላ ረዳት ግሥ የመጨመር ልማድ ነው፤ «ዕቅድ ተይዞ የነበረ ሲሆን» የሚለው «ታቅዶ» በሚለው ቃል ይጠቃለላል። ሁለተኛው «በሚመለከት»፣ «ለመረዳት እንደተቻለው»፣ «መሆኑ ታውቋል» የሚሉት አጃቢ ሐረጎች ናቸው። ሦስተኛው ተመሳሳይ ቃላትን ማጣመር ነው። «መዘግየትና መጓተት» ለሁለት የተለያዩ ችግሮች የቆሙ ቢሆኑ ኖሮ ሁለቱም ይቀሩ ነበር፤ እዚህ ግን 18 ቀናት የሚለው ልኬት አንድ ብቻ ስለሆነ አንዱ ይበቃል። «ሁኔታ መከሰቱ» የሚለውም አዲስ ነገር አይጨምርም።

በዚህ መሠረት አንቀጹ እንዲህ ይሆናል፦

«በሦስተኛው ሩብ ዓመት የ4.2 ሚሊዮን ብር ሽያጭ ታቅዶ፣ ገና ኦዲት ባልተደረገ ሒሳብ መሠረት የ3.57 ሚሊዮን ብር (85 በመቶ) ተከናውኗል። ለጉድለቱ ዋና ምክንያት ሊሆን የሚችለው አቅራቢዎች ጥሬ ዕቃ በአማካይ በ18 ቀናት ማዘግየታቸው ነው። ችግሩን ለመፍታት እርምጃ እየተወሰደ ነው።»

ከ77 ቃላት 37 ቀርተዋል፤ ከመዝገቡ ግን አንድም ፍሬ ነገር አልጎደለም። እዚህ ላይ በተለይ መታየት ያለባቸው ትርፍ መስለው የሚታዩ፣ ነገር ግን ትርጉም የተሸከሙ ሁለት ሐረጎች ናቸው። «ገና ኦዲት ባልተደረገ» የሚለው ቢወጣ ሊለወጥ የሚችል አኃዝ የመጨረሻ ይመስላል። «ሊሆን የሚችለው» ወጥቶ «ምክንያቱ... ነው» ቢባል ግምት ወደ ድምዳሜ ይለወጣል። «ሳይሆን አይቀርም» ብሎ መተካትም ቢሆን ከመጀመሪያው ጸሐፊ የበለጠ እርግጠኝነትን ይገልጻል። አንባቢን ከሚያሳስቱ የማሳጠር ስሕተቶች ብዙዎቹ የሚፈጠሩት እንዲህ ባሉ የጥንቃቄ ቃላት ላይ ነው።

የመጨረሻው ዓረፍተ ነገር ሌላ ነገር ያሳያል። «ይቻል ዘንድ» እና «አስፈላጊው» ሲነሡ የቀረው «እርምጃ እየተወሰደ ነው» የሚል ባዶ ቃል ነው፤ ማን፣ ምን፣ እስከ መቼ እንደሚሠራ አይናገርም። ይህን ጉድለት ማሳጠር አልፈጠረውም፤ ቀድሞ በቃላት ብዛት ተሸፍኖ የነበረውን ገለጠው እንጂ። አራሚው ከራሱ ፈጥሮ ሊሞላው አይገባም፤ ጥያቄውን በኅዳጉ ጽፎ ለሪፖርቱ ባለቤት ይመልሳል። መልሱ ሲመጣ አንቀጹ ጥቂት ቢረዝምም ተገቢ ነው።

ማረጋገጫው ቀላል ነው። ዋናውን አንቀጽ ያላየ ሰው አዲሱን ብቻ አንብቦ በመዝገቡ ላይ ለሰፈረው እያንዳንዱ ፍሬ ነገር ጥያቄ ይቀርብለታል። ከዋናው የተለየ መልስ ከሰጠ፣ ወይም ዋናው በግምት ያስቀመጠውን እርሱ በእርግጠኝነት ከተናገረ፣ የተቀነሰው ትርፍ ቃል አልነበረም ማለት ነው።