ጠርሙሱ የድሮ ነው ወይስ ቅጂ?

የአሜሪካ ቅርስ ሰብሳቢዎች ከሚፈልጓቸው ዕቃዎች አንዱ በ19ኛው ክፍለ ዘመን የተሠራው፣ የጆርጅ ዋሽንግተን ምስል ያለበት የውስኪ ጠርሙስ ነው። ቅጂውም ብዙ ነው።

እኔ መጀመሪያ የምዳስሰው አንገቱን ነው። በዚያ ዘመን የቀለጠው ብርጭቆ በሁለት ግማሽ ቅርጽ ማውጫ ውስጥ በትንፋሽ ይነፋ ነበር። የግማሾቹ መጋጠሚያ በጎኑ ላይ ቀጭን መስመር ይተዋል፤ ከንፈሩ ግን በመጨረሻ በእጅ ስለሚስተካከል መስመሩ እዚያ ሳይደርስ ይጠፋል። እ.ኤ.አ. በ1900ዎቹ መጀመሪያ ማይክል ኦወንስ የሠራው ማሽን ከንፈሩንም አብሮ ስለሚቀርጽ መስመሩ እስከ አፉ ጫፍ ይወጣል። እንግዲህ «በ1850 የተሠራ ነው» የተባለ ጠርሙስ እንዲህ ያለ መስመር ካለው ቅጂ ነው። መስመሩ ከአንገት በታች ቢቀር ግን ገና አልተረጋገጠም፤ ዛሬም በእጅ የሚነፉ ቅጂዎች አሉና።

ስለዚህ ገልብጠው መቀመጫውን በማጉያ መነጽር ይዩ። ለብዙ ዓመታት ጠረጴዛ ላይ የተጎተተ ጠርሙስ የሚጫረው ጠረጴዛውን የሚነካው ጠርዝ ብቻ ነው፤ ጭረቶቹም ጥልቀታቸውና አቅጣጫቸው የተለያየ ነው። በአሸዋ ወረቀት የተፋቀው ግን ጭረቱ በአንድ አቅጣጫ ይሰለፋል፣ አንዳንዴም ምንም ወደማይነካው ጎድጓዳ መሃል ይገባል።

ክብደት ጥርጣሬን ቢያጠናክር እንጂ ብቻውን አይፈርድም፤ ብዙ ቅጂዎች ወፍራምና ከባድ ናቸው። የአየር አረፋን ደግሞ ከሁሉ ባነሰ ይመኑት፤ ዕቃው ያረጀ እንዲመስል ሆን ተብሎ ይጨመራል።